ቃሉ ሲተረጎም ቁጥሩ እንዳይነካ

የጅዳ ሱቅ ኢንቮይስ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ዳኛው የሚያነቡት አረብኛውን አይደለም፤ አብሮት የተያያዘውን የአማርኛ ትርጉም ነው። ኦዲተሩም፣ የባንኩ ሠራተኛም፣ የጉምሩክ ባለሙያውም እንዲሁ። ተርጓሚው አንዲት አኃዝ ቢያሳስት ስሕተቱ ከዚያ በኋላ በሚነበብበት ጠረጴዛ ሁሉ እንደ እውነት ይቆጠራል። ደብዳቤ ሲተረጎም ዓረፍተ ነገሩ ቢጎረብጥ አንባቢ ነገሩ ገብቶት ያልፈዋል። ኢንቮይስ ላይ ግን 12.50 የሚለውን 13.50 ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ዓይን የሚጎረብጥ ነገር አልጻፈም፤ ሁለቱም ዋጋ ይመስላሉ።

ሥራውን ከቅርብ ለማየት አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሁለት ሸሪኮች ልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው እንበል። ተለያዩ፤ አሁን ማሽኖቹን ማን፣ በስንት ገዛ በሚለው ተካሰዋል። አንደኛው ሳውዲ በነበረበት ጊዜ ከጅዳ የገዛበትን ወረቀት ያቀርባል። ከደብተር የተቀደደ፣ በእጅ የተሞላ ኢንቮይስ ነው፤ ቀኑ ረመዳን 10፣ 1442 ዓመተ ሒጅራ። ዛሬ ሳውዲ ውስጥ ለታክስ የተመዘገበ ነጋዴ እንዲህ በእጅ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ ከኅዳር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንቮይስ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲወጣ ተገዷል። የእኛው ወረቀት ግን ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው፣ ለተርጓሚ የሚከብደውም እንዲህ ያለው ነው። ተተርጉሞ ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

1. የልብስ ስፌት ማሽን፣ 2 ፍሬ፣ ነጠላ ዋጋ 850.00፣ ጠቅላላ 1,700.00
2. ክር፣ 5 ደርዘን፣ ነጠላ ዋጋ 36.00፣ ጠቅላላ 180.00
3. መርፌ፣ 10 ፓኬት፣ ነጠላ ዋጋ 12.50፣ ጠቅላላ 125.00
ድምር 2,005.00
ቅናሽ 5% 100.25
ታክስ የሚከፈልበት መጠን 1,904.75
ተጨማሪ እሴት ታክስ 15% 285.71
ጠቅላላ የሚከፈል 2,190.46
በፊደል፦ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ሪያል ብቻ

ሲታይ ቀላል ነው። እዚህ ለመድረስ የታለፈውን መንገድ እንየው።

መጀመሪያ የሚፈትነው የአኃዙ መልክ ነው። እኛ የምንጽፈውን 1፣ 2፣ 3 የአረብ ቁጥር ማለት የተለመደ ነው፤ የጅዳው ባለሱቅ በእጁ ሲጽፍ የሚጠቀምበት ግን ሌላ ነው። ከእኛዎቹ ጋር የሚመሳሰሉት አንድና ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ዜሮ ነጥብ ናት። አምስት ትንሽ ክብ ነው፤ ለእኛ ዓይን ቁርጥ ዜሮ። ስድስት የእኛን ሰባት ይመስላል። ሰባት አፉን ወደ ላይ የከፈተ ማዕዘን ነው፣ ስምንት ደግሞ ያው ማዕዘን ተደፍቶ። እንግዲህ 850 በባለሱቁ እጅ ማዕዘን፣ ክብና ነጥብ ነው ማለት ነው። የቸኮለ ሰው ክቡን ዜሮ፣ ነጥቡን የሳንቲም መለያ አድርጎ 80 ብሎ ያነበዋል። ስምንት መቶ ሃምሳ ሪያል የወጣበት ማሽን በሰማንያ ተገዛ ተብሎ ፍርድ ቤት ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳስቱት ግን ሁለትና ሦስት ናቸው። ልዩነታቸው ራሳቸው ላይ ያለች አንዲት ጥርስ ናት፤ እስክሪብቶ ሲቸኩል ትጠፋለች። ይባስ ብሎ በብዙ ግብፃውያን የእጅ ጽሑፍ ሦስት የሚጻፈው በኅትመት ሁለት በሚጻፍበት መልክ ነው፣ ሁለት ደግሞ ጥርስ የሌለው ቅስት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተርጓሚው አንዲት አኃዝ ነጥሎ አይፈርድም፤ ያው ጸሐፊ በዚያው ወረቀት ላይ ሌላ ቦታ ሁለትን እንዴት እንደጻፈ ያመሳክራል። በእኛ ወረቀት ላይ ሁለት መሆኑ የማያጠራጥር ቦታ አለ፦ ከዓመተ ሒጅራው መጨረሻ፣ 1442።

የመርፌው መስመር ላይ ጥርጣሬው እውነተኛ ነው። ነጠላ ዋጋው 12.50 ወይም 13.50፣ ጠቅላላው 125 ወይም 135 ሊነበብ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማባዛት ይበቃል ይላል። አይበቃም። 10 በ12.50 ቢባዛ 125 ነው፤ 10 በ13.50 ቢባዛም 135 ነው። መስመሩ በሁለቱም ንባብ ከራሱ ጋር ይስማማል። የሚፈርደው የሦስቱ መስመሮች ድምር ነው፤ ድምሩ ላይ የተጻፈው 2,005 ሲሆን ይህ የሚመጣው መርፌው 125 ከሆነ ብቻ ነው፤ 135 ቢሆን 2,015 ይሆን ነበር። ተርጓሚ ሒሳብ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ የተጻፈውን ለማንበብ። የተጻፈውን ለማቃናት ሒሳብ መሥራት ግን ሥራው አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ አቅጣጫ ነው። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ የሠንጠረዡ ተራ ቁጥር በስተ ቀኝ፣ ጠቅላላ ዋጋው በስተ ግራ ይውላል። አኃዞቹ ግን እንደ እኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ወደ አማርኛ ሲዞር ዐምዶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ አኃዞቹ አይለዋወጡም። በዚህ መሐል ብዛትና ነጠላ ዋጋ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ መተካካታቸው የተለመደ ስሕተት ነው። የክሩን መስመር ተመልከቱ። 5 ደርዘን በ36 ሪያል 180 ነው፤ 36 ደርዘን በ5 ሪያልም 180 ነው። ምንም ያህል ብትደምሩ ስሕተቱ አይገኝም፣ ምክንያቱም ማባዛት የትኛው ቀደመ አይልም። ሸሪኮቹ መጋዘን ውስጥ በቀረው ክር ላይ የሚከራከሩ ከሆነ ግን በአምስትና በሠላሳ ስድስት ደርዘን መካከል ትልቅ ገደል አለ። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ የዐምዱን ርእስ አንብቦ እያንዳንዱን ዐምድ ለብቻው፣ ከላይ እስከ ታች ማመሳከር።

ነጥብና ነጠላ ሰረዝም እዚሁ ይገባሉ። በአረብኛ ጽሑፍ ሪያሉን ከሐላላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ነጠላ ሰረዝ መሰል ምልክት ነው፤ እኛ ደግሞ ነጠላ ሰረዝን ሺህ ለመለየት እንጠቀምበታለን። ጥሩ ተርጓሚ ከትርጉሙ ራስ ላይ «በዚህ ሰነድ ነጥብ የሪያልና የሐላላ መለያ ነው» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል፣ እስከ መጨረሻውም ይጸናበታል። ወረቀቱ ከሳውዲ ሳይሆን ከኩዌት፣ ከባሕሬን ወይም ከኦማን ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የእነዚህ አገሮች ገንዘብ የሚከፈለው በመቶ ሳይሆን በሺህ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዝ ይጻፋል። የኩዌት ኢንቮይስ ላይ 12.500 ማለት አሥራ ሁለት ዲናር ተኩል ነው። ይህን አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሎ ያነበበ ሰው ሒሳቡን ሺህ እጥፍ አደረገው። «ትርፍ» ዜሮዋን ቆርጦ 12.50 ማድረግም አያስፈልግም፤ ዜሮዋ የገንዘቡ ጠባይ ናት፣ እንዳለች ትቀመጥ።

የዕቃዎቹን ስም መተርጎም ከቁጥሩ የቀለለ ይመስላል። የመለኪያ ቃላቱ እንኳ ደግ ናቸው፤ ደርዘን በአረብኛም ደርዘን ነው፣ ካርቶንም ካርቶን። የባሕረ ሰላጤ ነጋዴ በነጠላ የሚሸጠውን ዕቃ «ሐባ» ብሎ ይጽፋል፤ መዝገበ ቃላት የሚያይ ሰው የእህል ቅንጣት ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፣ የመርካቶ ሰው ግን ማሽንም ይሁን ባትሪ በፍሬ ስንት ነው ብሎ ስለሚጠይቅ ቃሉ አፉ ላይ አለ። አደጋው ያለው ተርጓሚው ከሚያውቀው ሲጨምር ነው። ወረቀቱ «የልብስ ስፌት ማሽን» ብቻ ይላል። ሸሪኮቹ ስፌት ቤት ስለነበራቸው «የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን» ማለት ትክክል ይመስላል፤ ግን አልተጻፈም። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ አርእስት 84.52 ሥር የቤት ስፌት ማሽን 8452.10 ሲሆን ሌሎቹ ስፌት ማሽኖች በ8452.21 እና በ8452.29 ይመደባሉ። አንዲት ቃል ዕቃውን ከአንዱ ወደ ሌላው ታሻግረዋለች ማለት ነው። የማሽኑ ሞዴልና መለያ ቁጥር በላቲን ፊደል ተጽፎ ከሆነም አይተረጎምም፣ በፊደላችንም አይጻፍም፤ እንዳለ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ወረቀቱን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው።

ወደ ታክሱ ስንመጣ የሚያዘናጋ መመሳሰል አለ። ሳውዲ ተጨማሪ እሴት ታክስን የጀመረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 መጀመሪያ በ5 በመቶ ነበር፤ በ2020 ሐምሌ መባቻ ላይ ወደ 15 በመቶ አሳደገችው። የእኛም 15 በመቶ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ላይ «ተ.እ.ታ 15%» የሚል መስመር ያየ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈለ ታክስ አድርጎ ሊያየው ይችላል። አይደለም፤ ለሳውዲ መንግሥት የተሰበሰበ ነው። የሰነዱ አገርና ገንዘብ ከላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ከተቻለም መስመሩ ላይ «የሳውዲ» የምትል ቃል በተርጓሚ ቅንፍ ትግባ። የቀደመ ዘመን ወረቀት ላይ 5 በመቶ ያያችሁ እንደሆነም ስሕተት ነው ብላችሁ 15 አታድርጉት፤ በዚያን ጊዜ ልኩ 5 ነበር።

ከመጠኑ በላይ የምታሳስተው «ሻሚል» የምትል ቃል ናት። ታክሱ ዋጋው ውስጥ ተካቷል ማለት ነው፤ በሱፐርማርኬት ደረሰኞች ግርጌ በትናንሽ ፊደል ትገኛለች። 115 ሪያል ሻሚል ከሆነ ዕቃው 100፣ ታክሱ 15 ነው። ቃሏ ሳትተረጎም ከቀረች ቀጣዩ ሰው በ115ቱ ላይ እንደገና 15 በመቶ ይደምራል፤ ቁጥሩ አንድም ሳይነካ ሒሳቡ ተበላሸ። «ገይር ሻሚል» ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ታክሱ ገና አልተደመረም። ታክሱ 0.00 ሆኖ ከተገኘም ከጎኑ ያለው ቃል ይጠበቅ፤ በዜሮ ልክ የሚታከስና ከታክስ ነፃ የተደረገ ዕቃ ለገዢው ያው ቢሆኑም በሕግ የተለያዩ ናቸው፣ ነጋዴው በግዢው ላይ የከፈለውን ታክስ መልሶ መጠየቅ መቻል አለመቻሉ በዚህ ላይ ነው የሚወሰነው።

መለያ ቁጥሮቹ ላይ ደግሞ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሳውዲ ነጋዴ የታክስ ቁጥር 15 አኃዝ አለው፣ በ3 ይጀምርና በ3 ያልቃል። የንግድ ምዝገባ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ 10 አኃዝ። የእኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም 10 አኃዝ ነው። ዓይኑ ቲን የለመደ ሰው ባለ 10 አኃዙን የንግድ ምዝገባ «ቲን» ብሎ ይጽፈዋል፣ እውነተኛውን የታክስ ቁጥር ደግሞ «የምዝገባ ቁጥር» ይለዋል። ቁጥሮቹ በሙሉ ትክክል ናቸው፤ ስማቸው ግን ተለዋውጧል። ሁለቱንም ከጎናቸው በተጻፈው የአረብኛ ስም እንጂ በመልካቸው አለመሰየም ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 1,904.75 በ15 በመቶ ሲሰላ 285.7125 ነው፤ ባለሱቁ 285.71 ብሏል፣ ደህና። ሌላ ነጋዴ ወደ ላይ አንሥቶ 285.72 ቢል፣ ወይም በስሕተት 258.71 ቢጽፍ ትርጉሙ ላይ የሚውለው እሱ የጻፈው ነው። ስሕተቱ ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ አስመሳይ ሰነድ መሆኑን፣ ወይም ሻጩ ከልክ በላይ ማስከፈሉን የሚያሳየው እሱ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው ካረመው ያንን ሁሉ ሸፈነው። ዝምታም አያስፈልግም፤ ከትርጉሙ ውጪ፣ ከግርጌ፣ «በዋናው ሰነድ ላይ እንዲሁ ተጽፏል» የሚል ማስታወሻ ይበቃል።

የእኛ ወረቀት እንዲህ ያለ ቦታ አለው። በአኃዝ 2,190.46 ያለው ገንዘብ በፊደል ሲጻፍ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ሪያል ብቻ ተብሏል፤ አርባ ስድስቱ ሐላላ የለም። ምናልባት ባለሱቁ ሳንቲሟን ትቶለት ይሆናል፣ ምናልባት ረስቶ ይሆናል። ተርጓሚው አይገምትም፤ ሁለቱንም እንዳሉ ያስቀምጥና ልዩነቱን በማስታወሻ ያመለክታል። በፊደል የተጻፈው ራሱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ በአረብኛ ዘጠናና ሰባ የሚለያዩት ከፊደሎቹ በላይና በታች ባሉ ነጥቦች ነው፣ የገበያ እጅ ጽሑፍ ነጥብ ይረሳል። እዚህ ላይ አኃዙ ቃሉን ያድነዋል፣ ምክንያቱም በአኃዝ 7 እና 9 ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሌላም አለ፤ አረብኛ ዘጠና አምስትን «አምስትና ዘጠና» ብሎ ስለሚናገር እየሰማ የሚጽፍ ሰው 59 ይጽፋል።

ቀኑ ቁጥር ነውና ያው ሕግ ይገዛዋል። ብዙ የሳውዲ ወረቀት ሁለት ቀን ይይዛል፤ አንዱ በሒጅራ፣ አንዱ በአውሮፓውያን። ከጎናቸው ያለችው አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው፣ «ሃ» ለሒጅራ፣ «ሚም» ለሚላዲ። ትርጉሙ ላይ 10/9/1442 (ሒጅራ) እና 22/4/2021 (አውሮፓውያን) ተብሎ ይገለበጣል፤ ከፈለጉ በማስታወሻ ሚያዝያ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ይጨመራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ መተካት ግን ሁለት ጉዳት አለው። ዋናውን የያዘ ሰው ቀኑን ፈልጎ አያገኘውም፤ 14/8/2013 ተብሎ በአኃዝ ከተጻፈ ደግሞ ውጭ አገር ያለ አንባቢ ነሐሴ ወር፣ ያውም ከስምንት ዓመት በፊት ያደርገዋል። ሪያሉን ወደ ብር መመንዘርም ከትርጉም አይቆጠርም። ምንዛሬው የየትኛው ቀን፣ የየትኛው ባንክ እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም፤ የሚያስፈልገው ክፍል ራሱ ያሰላዋል።

የቀረው የሰነዱ ስም ነው፣ ለሸሪኮቹ ክርክር ምናልባት ዋናው። አማርኛችን ሁሉንም ደረሰኝ ይለዋል። የጅዳው ወረቀት ራስ ላይ የታተመው ግን «ፋቱራ» ነው፣ ከሥሩም «ነቅደን» እና «ዐለል ሒሳብ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ በእጅ በጥሬ፣ ወይም በዱቤ። ገንዘብ መቀበልን የሚያረጋግጠው ወረቀት ሌላ ነው፣ «ሰነድ ቀብድ» ይባላል፤ «ዐርድ ሲዕር» ደግሞ የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ነው፣ ምንም አልተሸጠበትም። ሦስቱን በአንድ ቃል ደረሰኝ ካልናቸው ያልተከፈለው ተከፍሏል ይባላል። የመጀመሪያውን ኢንቮይስ፣ ሁለተኛውን የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ፣ ሦስተኛውን የዋጋ ማቅረቢያ ብሎ መለየት ይቻላል። ከሁለቱ ምርጫዎች የትኛው እንደተሰረዘ ወይም ምልክት እንደተደረገበትም ይጻፍ፤ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ስርዝ ድልዝ ሁሉ በቅንፍ ይጠቀስ። የማይነበብ አኃዝ ሲያጋጥም «የማይነበብ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ በግምት አይሞላም።

የአሁኖቹ የሳውዲ ደረሰኞች ላይ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ኮድ ለማመሳከር ይረዳል። የሻጩን ስም፣ የታክስ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ጠቅላላ ዋጋውንና የታክሱን መጠን ይዟል። በተራ የስልክ ማንበቢያ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ብቻ ይወጣል፤ ለዚሁ የተሠራ መተግበሪያ ያስፈልገዋል። የዕቃ ዝርዝር ግን አይነግራችሁም።

እነዚህ ደረሰኞች የሚታተሙት ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ነው። ፀሐይ፣ ሙቀትና የላስቲክ መያዣ ጽሑፉን ያደበዝዙታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነጭ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ከውጭ ዕቃ ገዝታችሁ የምትመጡ ሰዎች፣ ደረሰኙን በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ አንሡት፣ ፎቶ ኮፒም አድርጉት፤ ለተርጓሚ ስትሰጡም ቅጂውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን አሳዩት፣ ትርጉሙም ከዋናው ቅጂ ጋር ተያይዞ በሁለቱም ገጽ ላይ ማኅተም ይረፍበት።